መልቀቂያ ካስገባሁ በኋላ የቀረበልኝን የማቆያ ጭማሪ ልቀበል ወይስ ወደ አዲሱ ድርጅት ልሂድ?

የሽምብጥ ሒሳብ ሠራተኛ (ጠያቂ)

ለመድረኩ አባላት ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ባሕር ዳር በሚገኝ አንድ የግል አምራች ድርጅት ውስጥ በሒሳብ ክፍል ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ፤ አሁን ከፍተኛ የሒሳብ ባለሙያ ነኝ። መሠረታዊ ደመወዜ 18,000 ብር ሲሆን ሌላ አበል የለኝም። በቅርቡ ከዓባይ ድልድይ ማዶ ያለ ሌላ ድርጅት በ26,000 ብር መሠረታዊ ደመወዝ ሊቀጥረኝ ፈቅዶ የተፈረመና ማኅተም ያረፈበት የቅጥር ደብዳቤ ሰጥቶኛል። በዚሁ መሠረት ሰኔ 8 ቀን ለአሁኑ ድርጅቴ የመልቀቂያ ደብዳቤ አስገባሁ፤ የ30 ቀኑ የማስጠንቀቂያ ጊዜም ሐምሌ 8 ቀን ይሞላል።

ደብዳቤውን ባስገባሁ በሁለተኛው ቀን ሥራ አስኪያጁ አስጠርቶኝ በአጠቃላይ 27,000 ብር እንደሚከፍለኝ ነገረኝ። ዝርዝሩን ስጠይቀው መሠረታዊ ደመወዜ 20,000 ብር እንደሚሆንና ቀሪው 7,000 ብር የኃላፊነት አበል ተብሎ እንደሚከፈለኝ አስረዳኝ። በተጨማሪም የፋይናንስ ኃላፊያችን በመጪው ጥር ጡረታ ስለሚወጡ ቦታው ለእኔ እንደታሰበ ገለጸልኝ። ይህ ሁሉ የተነገረኝ በቃል ነው።

የአሁኑን ሥራዬን አልጠላውም፤ ባልደረቦቼንም እወዳቸዋለሁ። ለመልቀቅ ያሰብኩት አብራኝ የምትሠራው ባለሙያ መጋቢት ላይ ከለቀቀች በኋላ የሁለት ሰው ሥራ ብቻዬን ስለምሠራና ጥር ላይ ጭማሪ ስጠይቅ በጀት የለም ተብዬ ስለነበር ነው። አዲሱ ድርጅት እስከ ዓርብ ድረስ ውሉን እንድፈርም ይጠብቀኛል። በቁጥር ሲታይ የአሁኑ ድርጅቴ የተሻለ ሰጥቷል፤ ነገር ግን ልቤ ሊረጋ አልቻለም። ልምድ ያላችሁ ሰዎች ምን ትመክሩኛላችሁ?

ፔዳ

እህቴ፣ የማቆያ ጭማሪን መቀበል ፈጽሞ አይመከርም። እንደሚባለው ከሆነ የማቆያ ጭማሪ ተቀብለው ከሚቀሩት ሰዎች አብዛኞቹ ስድስት ወር ሳይሞላቸው ይለቃሉ ወይም ይባረራሉ። አንዴ መልቀቂያ ያስገባ ሠራተኛ ታማኝ አይደለም ተብሎ ይታያል። ጥር ላይ በጀት የለም ያለ ሰው በሁለት ቀን ውስጥ 9,000 ብር ካገኘ፣ መጀመሪያም ገንዘቡ ነበረው ማለት ነው፤ ይህም ለእርስዎ ያለውን ግምት ያሳያል። ይሂዱ።

ቀበሌ 13

ሙያዬ ከእርስዎ ጋር አንድ ስለሆነ ስሌቱን ሠርቼ ላሳይዎት። ከሐምሌ 2017 ጀምሮ በሚሠራው የደመወዝ ገቢ ግብር ከ14,000 ብር በላይ ያለው ገቢ 35 በመቶ ይቆረጥበታል፤ በአቋራጭ ስናሰላው ጠቅላላውን በ35 በመቶ አባዝተን 2,050 ብር እንቀንሳለን። አበሉም ግብር የሚከፈልበት ገቢ ነው። የሠራተኛው የጡረታ መዋጮ 7 በመቶ የሚቆረጠው ግን ከመሠረታዊ ደመወዙ ብቻ ነው።

አሁን በ18,000 ብር ግብሩ 4,250፣ ጡረታው 1,260 ስለሆነ እጅዎ ላይ የሚደርሰው 12,490 ብር ነው። በአዲሱ ድርጅት ግብሩ 7,050፣ ጡረታው 1,820 ሆኖ 17,130 ብር ይደርስዎታል። የአሁኑ ድርጅት ባቀረበው ደግሞ ከ27,000 ብር ላይ ግብሩ 7,400፣ ከ20,000 ብር ላይ ጡረታው 1,400 ስለሚሆን 18,200 ብር ያገኛሉ። ስለዚህ ቢቀሩ በወር 1,070 ብር ብልጫ አለው።

ይሁን እንጂ ብልጫው የሚታየው ጡረታው ስላልተቆጠረ ነው። አሠሪው 11 በመቶ፣ እርስዎ 7 በመቶ፣ በድምሩ 18 በመቶ ወደ ጡረታ ፈንድ ይገባል። በ26,000 ብር ላይ ይህ 4,680 ብር ሲሆን በ20,000 ብር ላይ 3,600 ብር ነው። ልዩነቱ 1,080 ብር ነው። እጅዎ ላይ የሚጨመረውን ያህል ከጡረታዎ ይጎድላል ማለት ነውና፣ የቀረበልዎት ጭማሪ ከአዲሱ ድርጅት ክፍያ በምንም አይበልጥም።

የድሮ ፐርሶኔል

ቀበሌ 13 ያቀረበው የግብርና የተጣራ ደመወዝ ስሌት ትክክል ነው። ስለ ጡረታው የደረሰበት ድምዳሜ ግን ማስተካከያ ያስፈልገዋል። የእኛ ጡረታ እንደ ፕሮቪደንት ፈንድ በስም የሚጠራቀም ገንዘብ አይደለም፤ አበሉ የሚሰላው በአገልግሎት ዘመንና በመጨረሻዎቹ ዓመታት አማካይ ደመወዝ ነው። ጠያቂዋ ጡረታ ለመውጣት ገና ብዙ ዓመታት ከቀሯት፣ ዘንድሮ በ20,000 ወይም በ26,000 ብር ላይ መዋጮ መክፈሏ በመጨረሻ የምታገኘውን አበል እምብዛም አይለውጠውም። አገልግሎቷም ወደ ሌላ ድርጅት ብትዛወር ተያይዞ ይቆጠርላታል። ስለዚህ ያ 1,070 ብር እውነተኛ ብልጫ ነው፤ እንደሌለ አድርገን አናጥፋው።

የመሠረታዊ ደመወዙ ማነስ የሚጎዳው በሌላ በኩል ነው። በሰው ሀብት ሥራ ላይ በነበርኩባቸው ዓመታት እንዳየሁት፣ ብዙ ድርጅቶች የዓመቱን ጭማሪ በመቶኛ የሚያሰሉት ከመሠረታዊው ነው፤ የትርፍ ሰዓትና ያልተወሰደ የዓመት ፈቃድ ክፍያም እንዲሁ። ከሁሉ በላይ ደግሞ የኃላፊነት አበል ከአንድ ኃላፊነት ጋር የተያያዘ ክፍያ ነው። ኃላፊነቱ ተነሣ በተባለ ማግስት አበሉም ይነሣል፤ ሠራተኛው ደመወዜ ተቀነሰ ብሎ ቢከራከር አሠሪው መሠረታዊ ደመወዝህን አልነካሁም ብሎ ይመልሳል። መሠረታዊ ደመወዝን ግን አሠሪ ብቻውን ወስኖ መቀነስ አይችልም። እንግዲህ ከቀረበልሽ 9,000 ብር ጭማሪ ውስጥ ጽኑ የሆነው 2,000 ብር ብቻ ነው።

ፔዳ ስለ ስድስት ወር የጻፈው በየቦታው ሲደጋገም እሰማዋለሁ፤ ነገር ግን በእኛ አገር ይህን ቆጥሮ ያረጋገጠ ሰው አላጋጠመኝም። ቀርተው ደህና የሠሩ ሰዎችን አውቃለሁ፤ ቀርተው የተጸጸቱም አሉ። ልዩነቱን የሚፈጥረው የለቀቁበት ምክንያት ተነክቷል ወይስ አልተነካም የሚለው ነው። ስለዚህ እህቴ፣ ሁለት ነገር ልጠይቅሽ። መጋቢት ላይ የለቀቀችው ባልደረባሽ ደመወዟ ስንት ነበር? መደቡስ አሁን በማስታወቂያ ወጥቷል ወይስ ዝም ተብሏል?

የሽምብጥ ሒሳብ ሠራተኛ

ጋሼ፣ በጣም አመሰግናለሁ። የእሷ ደመወዝ 14,000 ብር ነበር። መደቡ እስካሁን ማስታወቂያ አልወጣበትም። ሥራ አስኪያጁ ባነጋገረኝ ጊዜ ስለ እሱ ጠይቄው ነበር፤ የመለሰልኝም «አንቺ ካለሽ ለጊዜው ይበቃናል፣ በኋላ እናያለን» የሚል ነው። በዚያን ጊዜ ይህን አነጋገር እንደ ምስጋና ነበር የወሰድኩት።

ሌላም ልጨምር። የድርጅታችን የሒሳብ ዓመት ሰኔ 30 ይዘጋል። የዓመቱ የግብር ማስታወቂያ እስከ ጥቅምት 30 ድረስ መቅረብ ስላለበት ከሐምሌ መጀመሪያ አንሥቶ የንብረት ቆጠራ ማስታረቅ፣ የባንክ ማስታረቅና የውጭ ኦዲተሮችን ጥያቄ መመለስ በአብዛኛው በእኔ እጅ ያልፋል።

ዘንባባ ጥላ

የእኔ ጉዳይም ተመሳሳይ ስለሆነ ላካፍልዎት። በአንድ ባንክ ቅርንጫፍ እሠራለሁ። ሌላ ባንክ በተሻለ ደመወዝ ሲጠራኝ በሠራተኛ ወለድ የወሰድኩትን የቤት ብድር አሰብኩ። ብለቅ ወለዱ ወደ ደንበኛ ወለድ ከፍ ይላል፤ ውሉ ላይ እንደተጻፈውም ቀሪውን ዕዳ አዲሱ ባንክ ካልተረከበልኝ በቀር መልቀቂያዬ አይጠናቀቅም ነበር። የወለዱ ልዩነት ብቻውን የደመወዙን ጭማሪ ስለሚበላው ቀረሁ። ስለዚህ እርስዎም የብድር ውልዎን ደጋግመው ያንብቡ፤ አዲሱ መሥሪያ ቤት ብድርዎን ይረከብ እንደሆነ በጽሑፍ ይጠይቁ።

የሽምብጥ ሒሳብ ሠራተኛ

ስለ አስተያየትዎ አመሰግናለሁ። የምሠራው ባንክ ውስጥ ስላልሆነ የሠራተኛ ብድር የለብኝም፤ ለሥልጠና የፈረምኩት የአገልግሎት ግዴታም የለም። በባንክ የሚሠሩ አንባቢዎች ግን ይጠቀሙበታል ብዬ አምናለሁ።

ፋሲሎ

እኔ የማቆያ ጭማሪ ተቀብለው ከቀሩት ሰዎች አንዱ ነኝ፤ አልተጸጸትኩምም። በአንድ የኮንስትራክሽን ድርጅት የግዢ ሠራተኛ ሳለሁ ተፎካካሪ ድርጅት ጠራኝ። ከአለቃዬ ጋር ምንም ቅሬታ አልነበረኝም፤ የጎደለው ደመወዝ ብቻ ነበር። አለቃዬ ጭማሪውን በሙሉ በመሠረታዊ ደመወዝ ላይ አደረገልኝ፤ ደብዳቤው በእጄ ከገባ በኋላ ነው ለሌላው ድርጅት ይቅርታ ጠይቄ የቀረሁት። ከዚያ በኋላም የግዢ ክፍል ኃላፊ ሆኛለሁ። ስለዚህ ፔዳ «ፈጽሞ አይመከርም» ማለቱን አልቀበለውም። እርስዎም ስድስት ዓመት የደከሙበት ቦታ ላይ የኃላፊነት ዕድል እየመጣ ነው። አዲስ ቦታ ሄደው እንደገና ከዜሮ ራስዎን ከማስመስከር፣ እስከ ጥር ታግሠው የፋይናንስ ኃላፊ ቢሆኑ ይሻላል ባይ ነኝ።

የድሮ ፐርሶኔል

ፋሲሎ የጻፈው የእኔን ሐሳብ ያጠናክርልኛል። የእሱ ችግር ደመወዝ ብቻ ነበር፤ ደመወዙ ተስተካከለ፤ ችግሩም አለቀ። የእህታችን ጉዳይ ግን ሁለት ሥር አለው፤ አንዱ ደመወዝ ነው፣ ሌላው የሥራ ጫና ነው።

አሁን በሰጠሽው መልስ ላይ ልቁም። ድርጅቱ መጋቢት ላይ በወር 14,000 ብር ደመወዝና የአሠሪውን የጡረታ መዋጮ 1,540 ብር ማውጣት አቆመ። ላንቺ ሊጨምር ያሰበው 9,000 ብር ሲሆን በመሠረታዊው ላይ ለሚጨመረው 2,000 ብር መዋጮው 220 ብር ነው። ስለዚህ ያንን መደብ ባዶ አድርጎ አንቺን ካቆየ፣ ጭማሪሽን ከፍሎም ከመጋቢት በፊት ከነበረው ወጪ በወር 6,320 ብር ያተርፋል። ይህን የምለው ሰውየውን ክፉ ለማለት አይደለም፤ ማንኛውም ሥራ አስኪያጅ በጀቱን የሚያየው በዚህ መንገድ ነው። ጥር ላይ በጀት የለም ማለቱም ያኔ ሁለታችሁም ስለነበራችሁ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ፔዳ እንዳለው ገንዘቡን ደብቆ ነበር ብዬ አልፈርድበትም። ነገር ግን ትርጉሙ ግልጽ ነው። ጭማሪሽ የሚከፈለው ሁለተኛ ሰው ባለመቀጠሩ ነው። ጭማሪውን ስትቀበዪ የሁለት ሰው ሥራ የአንድ ሰው መደብ ሆኖ ይጸናል። እንድትለቂ ያደረገሽ ነገር ራሱ የማቆያው የገንዘብ ምንጭ ሆኗል። የማቆያ ጭማሪ የቀረበለት ሰው ሁሉ ገንዘቡ ከየት መደብ እንደመጣ ቢጠይቅ ደስ ይለኛል፤ ከመጠኑ ይልቅ ብዙ ነገር ይናገራል።

ሁለተኛው የጊዜው ነገር ነው። ዛሬ ለድርጅቱ እጅግ አስፈላጊ ነሽ፤ ሒሳብ ሊዘጋ ነው፣ ኦዲተር ሊመጣ ነው። ከጥቅምት 30 በኋላ ይህ አጣዳፊነት ይቀንሳል። የኃላፊነቱ ቦታ ቃል የሚጠበቀው ግን ከዚያ በኋላ ጥር ላይ ነው። ስለዚህ የተባለልሽን ሁሉ ዛሬ፣ አንቺ በምትፈለጊበት ሰዓት፣ በጽሑፍ ማግኘት አለብሽ።

ሦስተኛው ብዙ ሰው የሚዘነጋው ነው። የመልቀቂያ ደብዳቤሽ በፋይልሽ ውስጥ ተቀምጧል፤ ሐምሌ 8 ቀንም እየቆጠረ ነው። ከሥራ አስኪያጁ ጋር መነጋገርሽ ቆጠራውን አያቆመውም። በቃል ተስማምተሽ ሥራሽን ብትቀጥዪና ወራት ቆይቶ አለመግባባት ቢነሣ፣ ድርጅቱ «በራሷ ፈቃድ ለቃለች» የሚል የፊርማሽ ወረቀት በእጁ አለ። በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛን ያለ በቂ ምክንያት ማሰናበት አይቻልም፤ በራሱ ደብዳቤ የለቀቀ ሠራተኛ ግን ይህን ጥበቃ ይዞ መከራከር ይከብደዋል። ስለዚህ የምትቀሪ ከሆነ መልቀቂያውን በደብዳቤ ትስቢዋለሽ፤ ድርጅቱም መሳቡን መቀበሉን በደብዳቤ ይገልጽልሻል።

የሚያስፈልግሽ ደብዳቤ ረጅም መሆን የለበትም። «ሰኔ 8 ቀን ያቀረቡትን የመልቀቂያ ጥያቄ መሳብዎን ድርጅቱ ተቀብሏል፤ ከሐምሌ 1 ቀን ጀምሮ መሠረታዊ ደመወዝዎ ይህን ያህል ሆኗል፤ በባዶው የሒሳብ ባለሙያ መደብ ላይ እስከዚህ ቀን ድረስ ሠራተኛ ይቀጠራል» የሚል፣ ቁጥር፣ ፊርማና ማኅተም ያለው ወረቀት ይበቃል። የኃላፊነቱን ቦታ በቀን ወስነው ካልጻፉት ከሒሳብሽ ውስጥ አውጪው። ይህን ጠይቂና መልሱን ይዘሽ ተመለሽ።

ከዘንዘልማ በኩል

እኔ በቀጣሪው ወገን ስለምገኝ ከዚያ በኩል ያለውን ልናገር። በምመራው ክፍል ውስጥ አንድ ሰው መርጠን የቅጥር ደብዳቤ ከሰጠን በኋላ ሁለተኛና ሦስተኛ የወጡትን ተወዳዳሪዎች ብዙ ጊዜ ሳናሰናብት ጥቂት ቀናት እንጠብቃለን። እጩው አልመጣም ቢለን ቅር ብንሰኝም በጊዜው ከነገረን እንረዳዋለን። የምንቀየመው ውሉን ከፈረመ በኋላ፣ አለዚያም ሥራ ሊጀምር በታሰበበት ጠዋት ስልኩን ሲዘጋ ነው። ባሕር ዳር ውስጥ የሒሳብ ሰዎችና ኦዲተሮች እርስ በርሳቸው ይተዋወቃሉ፤ ዛሬ የሸኙት ድርጅት ነገ የሚፈልጉት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ዓርብ የማይደርስልዎት ከሆነ ከዓርብ በፊት ደውለው ሁለት ሦስት ቀን እንዲጨመርልዎት ይጠይቁ፤ ምክንያቱንም በግልጽ ይናገሩ። እኔ ብሆን እፈቅዳለሁ። ነገር ግን የአሁኑን ድርጅት ጭማሪ ይዘው መጥተው «እናንተስ ምን ትጨምራላችሁ» ቢሉኝ ደስ አይለኝም።

ሌላው የሙከራ ጊዜ ነው። አዲሱ ድርጅት እስከ 60 የሥራ ቀናት ሊሞክርዎት ይችላል፤ በሳምንት ስድስት ቀን የሚሠራ ከሆነ አሥር ሳምንት ያህል ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ ለሥራው ብቁ አይደለችም ካለ ያለ ማስጠንቀቂያ ሊያሰናብትዎት ይችላል። ስድስት ዓመት የተረጋገጠ ሥራ ያለው ሰው ይህን ሥጋት ማሰብ አለበት።

ፔዳ

በዚህ ከተስማማን ታዲያ የሙከራ ጊዜው እንዲቀርላት መጠየቅ አትችልም? የሙከራ ቅጥር በጽሑፍ ካልተደረገ በቀር አይጸናም ሲባል ሰምቻለሁ። ውሉ ላይ እንዳይጻፍ ብታደርግ ሥጋቱ ሁሉ ይወገዳል።

የድሮ ፐርሶኔል

ትክክል ነህ፤ የሙከራ ጊዜ በጽሑፍ ስምምነት ካልተደረገ የለም፤ 60 ቀኑም ጣሪያ እንጂ ግዴታ ስላልሆነ እንዲያጥር መጠየቅ ይቻላል። ሆኖም ድርጅቶች ለፋይናንስ ሠራተኛ ይህን በቀላሉ አይተዉም፤ ገንዘብ የሚነካ ሰው ነውና። መጠየቁ አይጎዳም፤ እምቢ ካሉ ግን እንደ ክፉ ምልክት አትውሰዱት።

የሽምብጥ ሒሳብ ሠራተኛ

የተባለውን አድርጌ ተመልሻለሁ። በመጀመሪያ ለአዲሱ ድርጅት ደውዬ እስከ ሰኞ ጊዜ እንዲሰጡኝ በትሕትና ጠየቅሁ፤ ያለ ቅሬታ ፈቀዱልኝ። የሙከራ ጊዜውን በተመለከተ ለሁሉም ሠራተኛ አንድ ዓይነት አሠራር እንዳላቸው ገልጸው 60 የሥራ ቀናቱ እንደሚጸና ነገሩኝ።

ከዚያ በኋላ ሥራ አስኪያጁን አግኝቼ ሦስቱ ነጥቦች በደብዳቤ እንዲሰጡኝ ጠየቅሁት። ስለ ደመወዙ ብዙ አልተከራከረኝም፤ መሠረታዊው 24,000 ብር፣ አበሉ 3,000 ብር እንዲሆን ተስማማ፤ ደብዳቤውንም ለመጻፍ ፈቃደኛ ነው። የመልቀቂያዬን መሳብ በጽሑፍ መቀበሉንም አልተቃወመም። በባዶው መደብ ላይ ግን ቀን ወስኖ መጻፍ እንደማይችል፣ በመጪው የበጀት ግምገማ ላይ እንደሚታይ ነገረኝ። ስለ ፋይናንስ ኃላፊነት ሲመልስልኝም ቦርዱ የሚወስነው ጉዳይ ስለሆነ እሱ በፊርማው ቃል ሊገባ እንደማይገባ ገለጸ፤ ይህን በሐቅ መናገሩን አከብርለታለሁ።

ስሌቱን ሠራሁት። ከ27,000 ብር ላይ ግብሩ 7,400፣ ከ24,000 ብር ላይ ጡረታው 1,680 ሆኖ እጄ ላይ የሚደርሰው 17,920 ብር ነው። ከአዲሱ ድርጅት የሚበልጠው በ790 ብር ነው። አዲሱ ድርጅት ጠዋትና ማታ ሰርቪስ አለው፤ ወር ሲዘጋ አምሽቼ ስወጣ ግን ድልድዩን ተሻግሬ ሽምብጥ ድረስ በባጃጅ መመለስ ይኖርብኛልና ልዩነቱ ጥቂት ይሰፋል።

ፋሲሎ

አሁን ለመቅረት በቂ ነው ብዬ አስባለሁ። መሠረታዊ ደመወዙ ወደ 24,000 ብር ከፍ ብሏል፤ በወረቀትም ይገኛል። ሥራ አስኪያጁም ሊያታልልዎት የሚፈልግ ሰው አይመስልም፤ የማይችለውን አልችልም ብሏል። የጫናው ነገር ከጥቅምት በኋላ ይቀንሳል፤ ቦርዱም በጥር ከውጭ ሰው ከመፈለግ ይልቅ ቤቱን የሚያውቅ ሰው ይመርጣል። የሙከራ ጊዜ ሥጋትም የለብዎትም።

ቀበሌ 13

በዚህ አልስማማም። በሒሳብ ክፍል ውስጥ ጫና ከጥቅምት በኋላ አያልቅም፤ የየወሩ የተጨማሪ እሴት ታክስ፣ የቅድመ ግብርና የደመወዝ ግብር ማስታወቂያ አለ። ከዚህም በላይ አንድ ሰው ክፍያውንም አዘጋጅቶ፣ መዝግቦም፣ ባንኩንም ራሱ ሲያስታርቅ ኦዲተር የሚጽፈውን አስተያየት እናውቃለን። ጉድለት ቢገኝ ተጠያቂው ብቻውን የሠራው ሰው ነው። ሁለተኛው መደብ ባዶ የሆነበት ክፍል ውስጥ በ790 ብር ብልጫ ይህን መሸከም ለእኔ አይታየኝም።

የድሮ ፐርሶኔል

ቀበሌ 13 ያነሣው ነጥብ ከእኔ ዕይታ ያመለጠ ነበር፤ ክብደቱንም ከሙያው የሚያውቀው እሱ ነው። እኔ ውሳኔውን ልወስንልሽ አልችልም። የምለው ይህን ነው፤ ከሦስቱ ጥያቄዎችሽ ሁለቱ በሚገባ ተመልሰዋል፣ የቀረው ግን መጀመሪያ ያስለቀቀሽ ነው። ፋሲሎ የሚለው የጥር ዕድል ላይሞት ይችላል፤ ነገር ግን ቦርዱ ስላንቺ አንድም ቃል አልተናገረም።

የሽምብጥ ሒሳብ ሠራተኛ

ከቤተሰቤ ጋር ተመካክሬ ወስኛለሁ። የማቆያ ጭማሪውን አልተቀበልኩም፤ ዛሬ ከአዲሱ ድርጅት ጋር ውሉን ፈርሜያለሁ። ቀበሌ 13 ያነሣው ክፍያ አዘጋጅቶ ራስ የማስታረቅ ጉዳይ ነው ያስወሰነኝ፤ ከመጋቢት ጀምሮ በእያንዳንዱ ወር መጨረሻ ሲያስጨንቀኝ የቆየው እሱ እንደነበር አሁን ግልጽ ሆኖልኛል። በአዲሱ ድርጅት ክፍያ የሚያዘጋጀውና የሚያስታርቀው ሰው የተለያየ መሆኑን ከመፈረሜ በፊት ጠይቄ አረጋግጫለሁ።

ለሥራ አስኪያጁ በአካል ሄጄ ነገርኩት። አዝኗል፤ ግን አልተቀየመኝም። እስከ ሐምሌ 8 ድረስ የሰኔ 30ን የባንክ ማስታረቅና የቆጠራ ሰነዶችን ጨርሼ ላስረክብ ተስማምተናል። ባዶው መደብ ላይ ማስታወቂያ እንደሚያወጡም ሰምቻለሁ፤ የእኔ መደብም አብሮ ይወጣል መሰለኝ። ፋሲሎ እንዳሉት የጥር ዕድል አምልጦኝ ሊሆን ይችላል፤ ይህን አውቄ ነው የወሰንኩት።

የቀረኝ አንድ ጥያቄ ነው። ያልወሰድኩት የዓመት ፈቃድ አለኝ። ከማስረከቤ በፊት ልውሰደው ወይስ በገንዘብ ይከፈለኝ?

የድሮ ፐርሶኔል

መልካም ይሁንልሽ። ውሉ ሲቋረጥ ያልተወሰደ የዓመት ፈቃድ በገንዘብ ተተምኖ ይከፈላል፤ ርክክቡን ለመጨረስ ቀኖቹ ስለሚያስፈልጉሽ በገንዘብ ብትወስጂው ይሻላል። ያለሽን ቀን ከሰው ሀብት ክፍል በጽሑፍ አስወጪ። የተሟላ ርክክብ አድርገሽ ክሊራንስ ከጨረስሽ ቀሪ ክፍያሽ ውሉ ከተቋረጠበት ቀን አንሥቶ በሰባት የሥራ ቀናት ውስጥ ሊከፈልሽ ይገባል። የሥራ ልምድ ማስረጃሽን በዚያው ቀን ጠይቂ፤ የሥራው ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑና ደመወዙ መጻፋቸውን አይተሽ ተቀበዪ። ርክክቡን የምትፈራረሙበትን ዝርዝር በሁለት ቅጂ አዘጋጂ፤ በየትኛው ቀን የትኛው የባንክ ሒሳብ በምን ቀሪ እንደተረከበ ይጻፍበት፤ አንዱ ቅጂ ከአንቺ ጋር ይቅር። ኦዲተሮቹ በመስከረም ሲመጡ ስለ ሰኔ የሚጠየቅ ነገር ቢኖር ማስረጃሽ እሱ ነው።